ሳጥን ውስጥ የቀረው አጉሊ መነጽር

(ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የደጋገምኩትን ቀንሻለሁ፣ የዘለልኩትን ደግሞ ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? እሺ።

ይህን አጉሊ መነጽር እዩልኝ። ትልቅ ነው፣ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ያህላል። እጀታው ያምራል። ካርቶኑ ላይ «10 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። ይዘውት የመጡት አንድ የዘጌ አባት ናቸው። ልጃቸው ከውጭ አገር ልኮላቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። «ጥሩ ዕቃ ነው ልጄ፣ የኔ ዓይን ነው እንጂ የማይረባው» አሉኝ።

የማይረባው ዕቃው ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ።

እኔ የዓይን እይታ መለካትና መነጽር ማዘዝ ነው ሥራዬ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ተራ መነጽር አይደለም። መነጽር ተደርጎም፣ የዓይን ሞራ ወጥቶም፣ መርፌ ተወግቶም «ከዚህ በላይ አይሻሻልም» የተባለ ሰው ቀሪውን እይታውን እንዴት ይጠቀምበት ነው ነገሩ። የእኚህን አባት ታሪክ ይዤ ነው የምሄደው። ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልጠራም። 76 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡና ሲለቅሙና በጀልባ ባሕር ዳር እያመጡ ሲሸጡ ነው የኖሩት። ማታ ማታ ዳዊት ይደግማሉ። ይደግሙ ነበር ልበል።

በሽታቸው ማኩላ ላይ ነው። ከዓይናችን ኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፣ ሬቲና እንለዋለን። ማኩላ የዚያ የሬቲና መሃል ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ፊደል የምናነበው፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምንከተው፣ የሰው ፊት የምንለየው በሷ ነው። ዳር ዳሩ ሌላ ሥራ አለው። በሩ የት እንደሆነ፣ ከጎን ማን እንደመጣ የሚነግረን እሱ ነው። እርጅና ማኩላን ሲጎዳ መሃሉ ይጠፋል፣ ዳሩ ይቀራል። ስለዚህ እኚህ አባት መንገድ ላይ ሰው ሳይመራቸው ይሄዳሉ፣ መሬት ላይ የወደቀች ፍሬ ከጎን ታይታቸው ጎንበስ ብለው ያነሳሉ፣ ፊት ለፊታቸው የቆመችውን ልጃቸውን ግን አይለዩም። ጎረቤት ይህን ሲያይ ምን ይላል? «ሲፈልጉ ያያሉ፣ ሳይፈልጉ አያዩም።»

አንድ ነገር መሃል ላይ ላስገባ። በ1998 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በተደረገው የዓይን ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ውስጥ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነበር። የማኩላ ጉዳት 4.8 በመቶ ነበር። ስለዚህ እናታችሁ ማየት ሲያቅታቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞራ ነው፣ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የማኩላም ቢሆን እርጥብ የምንለው ዓይነት አለ፣ ውስጡ ደም ወይም ውሃ የሚያፈሱ ሥሮች ይበቅላሉ፣ እሱ ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይታከማል። ቶሎ ከተደረሰበት ነው ታዲያ። እቤታችሁ አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ የበሩን ፍሬም ወይም የመስኮቱን ብረት እዩ፣ ከዚያ በሌላኛው ዓይን ድገሙት። ትናንት ቀጥ ያለው መስመር ዛሬ ከተጣመመ ወይም መሃሉ በድንገት ከጠፋ ለገበያ ቀን አይቀጠርም፣ በዚያው ሰሞን ሐኪም ዘንድ ነው። የኔ አጉሊ መነጽር የሚመጣው ያ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። የእኚህ አባት ደረቁ ዓይነት ነበር፣ ሞራም አልነበራቸውም። ያያቸው ሰው «ምንም የሚደረግ የለም» ብሎ ነው የሸኛቸው። «የጠፋውን እይታ የሚመልስ መድኃኒት የለም» ቢላቸው እውነቱን ነበር። «ምንም የሚደረግ የለም» ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ሌንሱ።

ካርቶኑን አትመኑ። ሌንስ የሚለካበት ቀላል ዘዴ አለ፣ እዩኝ። ከመስኮቱ ማዶ ዘንባባዎቹ ይታያሉ አይደል? ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ጋ ሄጄ ሌንሱን በመስኮቱና በግድግዳው መካከል እይዛለሁ። ወደ ግድግዳው አቀርባለሁ፣ አርቃለሁ... አሁን ዘንባባው ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ታየ። ጥርት ሲል ከሌንሱ እስከ ግድግዳው በሜትር ለኩልኝ። ስንት ሆነ? 33 ሴንቲ ሜትር። 100ን ለ33 አካፍሉ፣ 3 ይመጣል። ይህ ሌንስ ጉልበቱ 3 ዳይኦፕተር ነው፣ መነጽር ቤት «ፓወር 3» የሚሉት። ገበያ ላይ ተደርድሮ ከሚሸጠው የማንበቢያ መነጽር ብዙም አይሻልም። ማጉላቱ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም፣ ካርቶኑ 10 ቢልም።

ይህ ደግሞ የዚህ ፋብሪካ ኃጢአት ብቻ አይደለም፣ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ሌንስ ጉልበት ሲጨምር ይበልጥ መጎበጥ አለበት፣ ሲጎብጥ ደግሞ መጥበብ አለበት። ትልቅና ኃይለኛ አጉሊ መነጽር የለም። ሰፊ ከሆነ ደካማ ነው። ውጭ አገር ያለ ልጅ ግን ለአባቱ ሲገዛ ትልቁን ነው የሚያነሳው፣ ፍቅሩ በስፋቱ ይለካ ይመስል።

(በነገራችን ላይ ሌንሱን ፀሐይ ላይ አትሞክሩት፣ መስኮት ዳርም ትታችሁት አትሂዱ። እሳት ያነሳል።)

አሁን ጥያቄው ለእኚህ አባት ስንት ጉልበት ያስፈልጋል ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ ራሴ ተሸወድኩ። ማንበብ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ዳዊቴን» አሉ። ይዘውት መጥተው ነበር፣ ገለጥኩና ሰጠኋቸው። ጥርት አድርገው አነበቡልኝ! እኔም ተደንቄ ቀና ስል፣ ገጹን ገልብጠው የያዙት መሆኑን አየሁ። በቃላቸው ነበር የሚሉት። የቃል ትምህርት የተማረን ሰው በሚያውቀው መጽሐፍ አትፈትኑት። ከዚያ በኋላ «ሽንኩርት፣ ገመድ፣ ሰኞ፣ ቀዳዳ» እያልኩ የማይገናኙ ቃላት በተለያየ መጠን አትሜ ነው የምፈትነው።

በሚያነቡበት መነጽራቸው፣ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በተሻለው በቀኝ ዓይናቸው እንደምንም መለየት የቻሉት ፊደል የጋዜጣን ፊደል አራት እጥፍ የሚያህል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው የገበያ ሂሳብ ነው። ወረቀቱን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ብናቀርበው ፊደሉ ለዓይናቸው እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ የጋዜጣን ሁለት እጥፍ ፊደል ይለያሉ። የዳዊታቸው ፊደል በግምት ያንን ያህላል። ደረስን ማለት ነው? አልደረስንም። እንደምንም መለየት ማንበብ አይደለም። እኔና እናንተ ጋዜጣ የምናነበው መለየት ከምንችለው ትንሿ ፊደል በብዙ በሚበልጥ ፊደል ነው። ሳይደክም ለማንበብ ቢያንስ ሌላ እጥፍ ትርፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር። 100ን ለ10 ስናካፍል 10 ዳይኦፕተር። ልጃቸው የላከው ሌንስ 3 ነበር። ሁለት ዓመት ሳጥን ውስጥ የከረመበት ምክንያት ይኸው ነው።

አጉሊ መነጽር ሲባል ሰው የሚያስበው ፊደሉን የሚነፋ ዕቃ ነው። እኔ ግን ወረቀቱን ማቅረቢያ ነው የምለው። አንድ አረጋዊ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገር በባዶ ዓይን ጥርት አድርጎ ማየት አይችልም፣ ይደበዝዝበታል። ሌንሱ ያንን ድብዝዝታ ነው የሚያነሳለት። ስለዚህ ኃይለኛ ሌንስ ገዝቶ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሌንሱን መሃል ቤት ይዞ «አይታይም» ማለት አያዋጣም። የእጅ አጉሊ መነጽር ከሆነ ሌንሱ ከወረቀቱ የሚርቀው በልኩ ነው፣ 10 ዳይኦፕተር ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር። ወረቀቱ ላይ ለጥፋችሁ ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ፊደሉ ትልቅ ሆኖ ሊደበዝዝ ሲል ትንሽ መልሱት። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ሌንሱ አስጠጉ። የበር ቀዳዳ አስቡ። ከሩቅ ሆናችሁ ብታዩበት ጭላንጭል ነው፣ ዓይናችሁን ስትለጥፉበት ጓዳው ሁሉ ይታያል። አንድ ሌንስ ራቅ ብሎ ሲታይ ሁለት ፊደል፣ ተጠግቶ ሲታይ ሙሉ ቃል ይሰጣል። ሰው ግን ይፈራል። ተጠግቶ ማንበብ ዓይን ይጎዳል ሲባል ነው ያደገው። አይጎዳም። ዓይን በማንበብ አያልቅም።

የእኚህ አባት እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። በ10 ዳይኦፕተር ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ስለዚህ የመረጥንላቸው እግር ያለውን ዓይነት ነው። ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ርቀቱን ራሱ ይጠብቃል፣ ውስጡ መብራት አለው፣ እሳቸው መጎተት ብቻ ነው። ዕቃው ሲመጣ አስረዳኋቸው፣ ሰጠኋቸው፣ ሄዱ። በሳምንቱ ልጃቸው ደወለች፦ «እዚያ ያነበቡትን እዚህ አላነበቡም።» ምን ሆኖ ነው? ቤት ሲገቡ «አሁንማ ትልቁ መነጽር አለኝ» ብለው የድሮ የማንበቢያ መነጽራቸውን አውልቀው አስቀምጠውታል። እግር ያለው አጉሊ መነጽር ግን የሚፈልገው አብሮ የማንበቢያ መነጽር እንዲደረግ ነው። የሚያሳየን ምስል እቅርብ ነው የሚቆመው፣ ያለ ማንበቢያ መነጽር ለአረጋዊ ዓይን ይደበዝዛል። በእጅ የሚያዘው፣ በልኩ ርቆ ከተያዘ፣ በተቃራኒው ነው። እሱ የማንበቢያ መነጽር አይፈልግም። ይህን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ስላልሰጠኋቸው ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን መነጽሩን በክር ከአጉሊ መነጽሩ ጋር አስሬ ነው የምሰጠው።

ጋዜጣስ? ጠይቀውኛል። ሂሳቡን እናንተም መሥራት ትችላላችሁ። የጋዜጣ ፊደል የዳዊታቸው ግማሽ ነው፣ ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር፣ 20 ዳይኦፕተር። ሌንሱ ከትልቅ ሳንቲም ብዙም አይሰፋም፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ፊደል ብቻ ነው የሚያሳየው፣ አፍንጫ ወረቀቱን ሊነካ ይደርሳል። ሞከሩት። ሦስት መስመር አነበቡና «ሬዲዮ አለኝ» አሉ። ትክክል ናቸው። ለአጭር ነገር፣ ለመድኃኒት ስም፣ ለመብራት ቢል ልጃቸው በስልኳ ካሜራ አጉልታ ታሳያቸዋለች። ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ዕቃ ነው፣ ሁሉን የሚያሳይ አንድ መነጽር የሚፈልግ ሰው ነው ሲከስር የማየው።

ሌላው ነገር ዓይንን የት መላክ እንዳለበት ነው። መሃሉ ከጠፋ ቀጥ ብሎ ማየት ማለት ፊደሉን ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነው። ስለዚህ ትንሽ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ አይቶ፣ የሚፈለገውን ነገር ደህና በሆነው የሬቲና ክፍል ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በመጻሕፍት የሚመከረው የሰዓት ዘዴ ነው፣ የሰዓቱን መሃል እያሰብክ ወደ 12 እይ፣ ወደ 3 እይ ይላል። እኛ ጋ ይህን ብዬ ተቸግሬያለሁ። «12 ሰዓት» ስላቸው አንዳንዱ ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ታች ያያል፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ላይ 12 የተጻፈበትን ቦታ እኛ 6 ሰዓት ነው የምንለው! አሁን «ወደ ግንባሬ፣ ወደ አገጬ፣ ወደ ቀኝ ጆሮዬ» ነው የምለው። እሳቸው ፊቴን ያስባሉ፣ ዓይናቸውን ወደየአቅጣጫው ይልካሉ፣ አፍንጫዬ ጎልቶ የሚታያቸው የት ሲያዩ እንደሆነ ይነግሩኛል። ለእሳቸው ከግንባሬ ከፍ ብሎ፣ ወደ ፀጉሬ ሲያዩ ነበር።

ይህ ለንባብ መልካም ዕድል ነው። ከመስመሩ በላይ ሲያዩ ጉድጓዱ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ መስመሩ ከታች ሙሉ ሆኖ ይቀራል። ጉድጓዱ ወደ ቀኝ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ፊደል ሁሌም እየጠፋ ያስቸግራቸው ነበር። ፊደላችን ደግሞ ጨካኝ ነው። ሉ እና ሊን የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት፣ ከወገቡ ላይ ከሆነች ሉ፣ ከእግሩ ላይ ከሆነች ሊ። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ቃሉ ይለወጣል። ስለዚህ ዓይንን አንድ ቦታ አቁሞ መጽሐፉን ወደ ግራ መጎተት ይለመዳል። መጀመሪያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ራስ ምታት ሳይጀምር ማቆም። ከወር በኋላ ነው የሚለመደው፣ አንዳንዱም አይለምደውም።

እዚህ ላይ ለልጆች አንድ ቃል። እኚህ አባት ልጃቸውን ሲያናግሩ ከራሷ በላይ ጣሪያውን ነው የሚያዩት። እሷ ለሁለት ዓመት «አባባ ተቀይሞኛል» ብላ ነው የኖረችው። ፊቷን ለማየት ነበር የሚጥሩት።

ስለ ብርሃን ደግሞ። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚያስገባው ሲሶ ያህል ነው ይባላል። ማኩላው የታመመ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የዘጌን ቤቶች የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የቡናው ጫካ ቀኑን ራሱ ያጨልመዋል። የእኚህ አባት ቤት አንድ አምፖል ጣሪያው ላይ አለ፣ ከመጽሐፉ ሁለት ሜትር ይርቃል። ልጃቸው አምፖሉን በትልቅ ቀይራው ነበር፣ ብዙም አልረዳም። መፍትሔው ትልቅ አምፖል አይደለም፣ ቅርብ አምፖል ነው። ብርሃን ርቀቱን ግማሽ ስታደርጉት አራት እጥፍ ይሆናል። ከሁለት ሜትር ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ብታመጡት አምስት ጊዜ ቀረበ፣ ብርሃኑ ግን 25 እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ትንሽ ቻርጅ የሚደረግ የጠረጴዛ መብራት አስገዛናቸው፣ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋም ይሠራል። በቀኝ በኩል፣ በተሻለው ዓይን ወገን፣ ከዓይን ዝቅ ብሎ፣ አምፖሉ በክዳኑ ተሸፍኖ ወረቀቱን ብቻ እንዲያበራ። አምፖሉ ራሱ ከታያቸው ብርሃኑ ጠላት ሆነ ማለት ነው፣ ያፈዛቸዋል።

ለዚሁ ነው በር ፊት ለፊት መቀመጥ የማልወደው። አባወራ ደግሞ ፊቱን ወደ በር ነው የሚቀመጠው፣ ገቢ ወጪውን ማየት አለበት። ጀርባዎን ለበሩ ይስጡ ብላቸው አይሆንም አሉ። ተስማማን። ጎናቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ፣ ብርሃኑ በቀኝ ትከሻቸው በኩል ይገባል፣ ገቢውንም ያዩታል።

ነጭ ገጽም በራሱ ያፈዛል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ጥቁር ካርቶን ወስዳችሁ መሃሉን በመስመሩ ርዝመት፣ ሁለት መስመር በሚያሳይ ስፋት ቁረጡት። ገጹ ላይ አድርጋችሁ በቀዳዳው ታነባላችሁ። ነጩ ሁሉ ይሸፈናል፣ መስመርም አይጠፋም። እግር ያለውን አጉሊ መነጽር በላዩ ላይ መጎተት ይቻላል።

ከቤት ውጭ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጀልባ ላይ ሐይቁ ብርሃኑን እየመለሰ ከታች ይወጋቸዋል፣ ዘጌ ሲወርዱ በአንዴ የጫካ ጥላ ውስጥ ይገባሉ፣ የታመመ ማኩላ ደግሞ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲዛወር ቶሎ አይለምድም። ወደቡ ላይ ሁለቴ ወድቀዋል። በጣም ጥቁር የፀሐይ መነጽር ነበራቸው፣ ሐይቁ ላይ ጥሩ ነው፣ ጥላ ውስጥ ግን ዕውር ያደርጋል። ወደ ቢጫና ብርቱካንማ የሚያደላ ቀለም ሞከርን፣ እሱን ወደዱት። ከፊቱ ሰፋ ያለ ባርኔጣ ጨመርንበት፣ ባርኔጣው እንዲያውም ከመነጽሩ በላይ ነው የሠራው። ከጀልባ ሲወርዱ ደግሞ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡም ባርኔጣውን ያወልቁና ደጀ ሰላሙ ላይ ቆም ይላሉ። «መሳለም ነው የሚመስለው፣ ማንም አያውቅብኝም» አሉኝ።

የቀለም ንፅፅር ላይ ብዙ አልቆይም፣ ነገሩ ለገባው ሰው እቤቱ ይነግረዋል። ቡና በነጭ ሲኒ ይታያቸዋል፣ ጥቁሩ ሲወጣ ነጩን ሲበላው ያዩታል። ወተት በነጭ ሲኒ አይታይም፣ ውሃ በብርጭቆ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ለወተቱ ጥቁር የሸክላ ኩባያ። የደጁ ድንጋይ ደረጃ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፣ ስንወርድ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ልጃቸው በየጠርዙ አራት ጣት የምታህል ቢጫ ቀለም ቀባችበት። ጠርዙን ብቻ። መጀመሪያ ደረጃውን ሙሉ ልትቀባው ነበር፣ ያኔ ግራጫው በቢጫ ይተካል እንጂ ጠርዙ አይታይም። ቤት ውስጥ የነበረውን አበባ አበባ የሆነ የፕላስቲክ ምንጣፍ ደግሞ አነሳነው፣ አበባውን የወደቀ ዕቃ እየመሰላቸው ጎንበስ ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። ልጃቸው ከክፍሉ ወጥታ ብቻችንን ስንሆን እንደ ልማዴ ጠየቅኋቸው፣ «አባቴ፣ የሌለ ነገር ይታይዎታል?» ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ግድግዳው ላይ ሐረግ አያለሁ» አሉ። የብራና መጽሐፍ ላይ የሚሳለው ዓይነት ሐረግ፣ በቀለም፣ ማታ ማታ። አንዳንዴም ትናንሽ ሰዎች በሰልፍ ያልፋሉ፣ ድምፅ የላቸውም። ለማንም አልተናገሩም፣ አበዱ እንዳይባሉ። ይህ ስም አለው፣ ቻርለስ ቦኔት ሲንድረም ይባላል። ቦኔት የስዊዘርላንድ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1760 የአያቱን ተመሳሳይ ነገር ስለጻፈ ነው በስሙ የተጠራው። ከዓይን ምስል ሲቀንስበት አንጎል ራሱ ይሥላል። እብደት አይደለም፣ ሰውየውም እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። መብራት ማብራት፣ ዓይንን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ፣ ተነስቶ ቦታ መቀየር ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ እኔ አልከለክልም። ድምፅ የሚያናግረው ከሆነ ወይም የሚያየውን እውነት ነው ብሎ ካመነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሐኪም ይየው። ስሙ እንዳለው ስነግራቸው የሳቁትን ሳቅ አልረሳውም። «ታዲያ የኔ ሐረግ ያምር ነበር» አሉ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። ... አዎ፣ እናቴ፣ ይናገሩ። «ዕቃው የት ይገኛል?» ብለዋል። ይህ ነው ከባዱ። መነጽር ቤት ሁሉ አይገኝም። ስትጠይቁ ግን «አጉሊ መነጽር» ብቻ አትበሉ፣ ስንት ዳይኦፕተር እንደሆነ ጠይቁ፣ ሻጩ ካላወቀ የመስኮቱን ዘዴ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሥሩበት። መጀመሪያ ግን የሚለካችሁ ሰው ያስፈልጋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኔን ሙያ፣ ኦፕቶሜትሪን፣ ያስተምራል፣ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች አሉ፣ ሆስፒታል ስትሄዱ «ዝቅተኛ እይታ የሚመረምር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁ ካለ ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩለት፣ ለእኚህ አባት ያደረግነው እንደዚያ ነው። ሁለተኛው የመጣው በስድስት ሳምንቱ ነው፣ ከመጀመሪያው በግማሽ ያንሳል። ልጁ በስልክ «ይቺ ትንሽ አይደለችም ወይ?» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር።

ትልቁንስ? እኔ ጋ ነው፣ እንደምታዩት ለማሳያ ሰጡኝ። አሁን ዳዊታቸውን በአንድ ቁጭታ 20 ደቂቃ ያህል ያነባሉ። ድሮ በቃላቸው አንድ ሰዓት ይደግሙት እንደነበረው አይደለም፣ ቀስ ይላሉ። ባለፈው ሲመጡ ግን ገጹን ቀና አድርገው ነው የያዙት።